25 በመቶ፣ ግን ከስንት?

ዩቲዩብ ቻናል ያላቸው ሰዎች የሚልኩልኝ ስክሪንሾት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ከዩቲዩብ ስቱዲዮ ላይ Impressions click-through rate የሚለው ቁጥር ብቻ ተቆርጦ ይመጣል። ከጎኑ ያለው ኢምፕሬሽን እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁልጊዜ ተቆርጦ ይቀራል። ባለፈው ሰሞን የምግብ አሠራር ቻናል ያላት አንዲት ልጅ የላከችልኝ 25 በመቶ ይላል። «ጋሼ፣ ይሄን ይዩልኝ! ተምኔሉ ነው፤ የድሮዎቹን በሙሉ እንደዚህ ልቀይራቸው ነው» ብላ ጽፋለች። ተምኔሉ ክዳኑ ገና የተነሣ ድስት ላይ ትልልቅ ቢጫ ፊደል የተጻፈበት ነው። «ቆይ፣ እስኪ ኢምፕሬሽኑን ንገሪኝ» አልኳት። 24 ነው።

ዩቲዩብ አንድ ኢምፕሬሽን ብሎ የሚመዘግበው፣ ተምኔሉ እዚያው ዩቲዩብ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ስክሪን ላይ ወጥቶ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲቆይ ነው። ሲቲአር የምንለው ደግሞ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ቪዲዮውን ወደ ማየት እንደሄደ ነው። በቴሌግራም ሊንክ ልካችሁለት የከፈተ ሰው ቪው ሆኖ ይቆጠራል እንጂ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ቪውን ለኢምፕሬሽን አካፍላችሁ ስቱዲዮ ላይ ካለው ሲቲአር ጋር አልገጥም ካላችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እንግዲህ የልጅቷ 25 በመቶ ማለት 24 ጊዜ ታይቶ 6 ጊዜ ተከፈተ ማለት ነው። ከስድስቱ ሁለቱ በዚያ ሰዓት ስልክ ተደውሎላቸው ቢያልፉት ኖሮ 17 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። ሁለት ሰዎች ቢጨመሩ ደግሞ 33። በሁለት ሰው ብቻ ቁጥሩ ስምንት ነጥብ ወጣ፣ ስምንት ነጥብ ወረደ። 40 ሺህ ኢምፕሬሽን ያለው ቪዲዮ ላይ ግን እነዚያው ሁለት ሰዎች ቢመጡም ቢቀሩም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ስታቲስቲክስ የሚያውቁ ሰዎች በተለመደው የ95 በመቶ መተማመኛ ሲያሰሉት፣ 6 ከ24 የሚነግረን እውነተኛው ምጣኔ በግምት ከ12 እስከ 45 በመቶ መሀል የሆነ ቦታ እንዳለ ብቻ ነው። ይሄን የሚያህል ስፋት ይዞ ተምኔል ከተምኔል ማወዳደር አይቻልም።

«ዝቅተኛው 12 ከሆነማ እሱስ ምን አነሰው?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዩቲዩብ ራሱ ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ ከ2 እስከ 10 በመቶ ባለው ውስጥ እንደሚገኙ ይናገራል፤ ስለዚህ 12 ከተለመደው በላይ ነው። ለእኔ ዋናው ነገር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ምክንያቱም ጉዳዩ የዕድል ብቻ ሳይሆን የእነማን ጉዳይም ነው። ሃያ አራቱ እነማን ናቸው?

ትንሽ ቻናል ላይ አዲስ ቪዲዮ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያዩት በአብዛኛው ድሮም የሚከታተሉት ናቸው። አዲስ ምግብ ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ቀን ተመጋቢ ዘመድ እንደሆነው ማለት ነው፤ ዘመድ ደግሞ ሜኑ አያማርጥም። ተምኔሉ ባዶ ጥቁር ቢሆን እንኳ የልጅቷን ስም አይተው ይከፍቱታል። የ25 በመቶው ባለቤት ቢጫው ፊደል ይሁን ወይስ ዝምድናው፣ ከዚያ ቁጥር ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

ይሄ ነገር ትልቅ ቁጥር ላይም እንዴት እንደሚያሳስት ለማሳየት ሁለት ቪዲዮ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔው ያወጣኋቸው ናቸው። የሽሮው ቪዲዮ ለሰብስክራይበሮች 1,500 ጊዜ ታይቶ 12 በመቶው ከፈቱት፤ 180 ክሊክ። ለማያውቁት ሰዎች ደግሞ 500 ጊዜ ታየ፤ 3 በመቶ፣ ማለትም 15 ክሊክ። ጠቅላላው 195 ከ2,000 ነው፤ ስቱዲዮ 9.8 በመቶ ብሎ ያሳያል። የዶሮ ወጡ ቪዲዮ ለሰብስክራይበሮች እንደዚያው 1,500 ጊዜ ታይቶ 14 በመቶ አመጣ፤ 210 ክሊክ። ከዚያ ዩቲዩብ ለማያውቁት ሰዎች 30,000 ጊዜ አሳየው፤ 4 በመቶ፣ 1,200 ክሊክ። ጠቅላላው 1,410 ከ31,500፤ ስቱዲዮ ላይ 4.5 በመቶ።

አሁን ሁለቱን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ሽሮው በእጥፍ በለጠ ይላል። ዶሮ ወጡ ግን ሰብስክራይበሮች ዘንድም በልጧል፣ እንግዶች ዘንድም በልጧል። አማካዩን ያወረደው ለብዙ እንግዳ መቅረቡ ነው። እንግዳ ደግሞ ከወዳጅ ያነሰ ይከፍታል።

በዚህ የተነሣ የሚደርሰውን ጉዳት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቪዲዮው በወጣ ሰሞን 12 እና 14 በመቶ ያሳያል። ከቀናት በኋላ ዩቲዩብ ወደ ሰፊው ሕዝብ ሲያወጣው ሲቲአሩ ወደ 5፣ ወደ 4 ይወርዳል። ባለቤቱ ይደነግጥና ተምኔሉን ይቀይራል፤ ያውም ቪዲዮው በደንብ እየሄደ ባለበት ሰዓት። ከዚያ ኢምፕሬሽኑ ቢቀንስ ተምኔሉ ይሁን ሌላ ነገር ማወቂያ የለውም። ሲቲአር ሲወርድ መጀመሪያ የሚታየው ኢምፕሬሽኑ ነው። ኢምፕሬሽኑ እየጨመረ ሲቲአሩ ቀስ እያለ ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ የመስፋት ምልክት ነው። ኢምፕሬሽኑ እዚያው ቆሞ፣ ተመልካቹም ያው ሆኖ ሲቲአሩ ከወረደ ግን ያኔ ተምኔሉንና ርዕሱን መጠርጠር ያባት ነው።

ስቱዲዮ ላይ ይሄን ለመለየት ቪዲዮውን ከፍቶ ወደ Analytics፣ ከዚያ ወደ Advanced mode መግባትና Traffic source የሚለውን መምረጥ ይበቃል። እያንዳንዱ ምንጭ የራሱን ኢምፕሬሽንና የራሱን ሲቲአር ይዞ ይመጣል። የ YouTube search ረድፍን ከሌላው ጋር አታደባልቁት፤ እዚያ ያለው ሰው «የዶሮ ወጥ አሠራር» ብሎ ፈልጎ የመጣ ነው፣ በሩን ራሱ አንኳኩቷል። እኔ የማወዳድረው ከአንድ ምንጭ የመጡትን እርስ በርስ ነው፤ ያም ሆኖ ኢምፕሬሽኑ ጥቂት ሺህ ሳይሞላ አስተያየት አልሰጥም። አንድ ሺህ ላይ እንኳ 5 በመቶ ማለት 50 ክሊክ ነው፤ የስሌቱ ስፋት ከ3.8 እስከ 6.5 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ 5 ያመጣው ተምኔል 6 ካመጣው ያንሳል ብሎ ለመፍረድ ገና ነው።

ልጅቷን አሁኑኑ ምንም አትቀይሪ አልኳት። የቢጫውን ፊደል ነገር የምር ማወቅ ከፈለገች ስቱዲዮ ለአንድ ቪዲዮ እስከ ሦስት ተምኔል አስገብቶ ጎን ለጎን የሚያወዳድርበት መንገድ አለው። አሸናፊውን የሚመርጠው ግን በሲቲአር አይደለም፤ ሰዎች ቪዲዮውን ባዩበት የጊዜ ድርሻ ነው። ክዳኑ የተነሣው ድስት ብዙ ሰው አስገብቶ ሁሉም በአሥር ሰከንድ ከወጣ፣ እዚያ ውድድር ላይ ይሸነፋል። ኢምፕሬሽኑ ካልበቃ ደግሞ ውጤቱ አልለየም ብሎ ይተወዋል። 24 ኢምፕሬሽን ላይ ያለ ቪዲዮ ይሄንኑ መልስ ነው የሚያገኘው።