ኢንቮይሱ ያልመጣ ወጪ

ሰኔ 23፣ በፈረንጆቹ ጁን 30፣ በአገራችን ብዙ ድርጅቶች የዓመት ሂሳባቸውን የሚዘጉበት ቀን ነው። ባንኮች የሚዘጉት በዚህ ቀን ነው። በየወሩ የሚደረገው ትንሹ መዝጊያም ከዚህ የሚለየው በመጠኑ እንጂ በአሠራሩ አይደለም። ድርጅቱ ኢአርፒ የሚባለውን ሲስተም የሚጠቀም ከሆነ፣ ማለትም ግዥውን፣ መጋዘኑን፣ ሽያጩንና ሂሳቡን በአንድ ቋት የሚያስተዳድር ከሆነ፣ ሲስተሙ የወሩን ወጪ በሙሉ አውቆ የሚያወጣው ይመስለናል። በእርግጥም አብዛኛውን ያውቀዋል። የማያውቀው አንድ ዓይነት ወጪ ግን አለ፤ እሱም በየወሩ ከሂሳቡ ሲቀር ይታያል።

ኤስኤፒ የሚጠቀም አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ እናስብ። ፋብሪካው የራሱ የጭነት መኪና ስለሌለው ውኃውን ወደ ድሬዳዋ የሚልከው በኪራይ ነው። በጁን ወር 18 መኪና ጭኖ ላከ፤ የአንዱ ጉዞ ኪራይ ከቫት በፊት 45 ሺህ ብር ነው እንበል። ወሩ ሲያልቅ ባለመኪናዎቹ ኢንቮይስ ያስገቡት ለ11 ጉዞ ብቻ ነው። የቀሩት 7 ጉዞዎች 315 ሺህ ብር ያወጣሉ። ውኃው ደርሷል፣ ተሸጧል፣ የሽያጩም ገቢ በጁን ተመዝግቧል። ኪራዩ ግን በሂሳቡ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለውን፣ አገልግሎቱ ተገኝቶ ኢንቮይሱ ያልመጣ ወጪ፣ አስልቶ በተገኘበት ወር መመዝገብን የሂሳብ ሰዎች አክሩዋል ይሉታል። ካልተመዘገበ የጁን ትርፍ በ315 ሺህ ብር ያብጣል፣ የጁላይ ደግሞ በዚያው ልክ ይጎድላል። ጁን የዓመቱ መጨረሻ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ስህተቱ ከወር ወደ ወር ሳይሆን ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራልና።

ይህ ወጪ እንዴት እንደሚያመልጥ ለመረዳት ወሩ እንዴት እንደሚዘጋ ማየት ያስፈልጋል። ወር የሚዘጋው በአንድ ቁልፍ አይደለም፤ በሮቹ በቅደም ተከተል ነው የሚቆለፉት። መጀመሪያ የመጋዘኑ በር ነው። MMPV በተባለው ትዕዛዝ የአዲሱ ወር የዕቃ ፔሬድ ይከፈታል፤ ድርጅቱ ባለፈው ወር መመዝገብን ከከለከለ ከዚያ በኋላ የጁን ዕቃ ገቢ ማድረግ አይቻልም። ቀጥሎ OB52 በሚባለው ሰንጠረዥ ላይ የሂሳብ ዓይነቶች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። በሰንጠረዡ K የአቅራቢዎች፣ D የደንበኞች፣ A የቋሚ ንብረት፣ S ደግሞ የአጠቃላይ ሂሳብ መለያ ነው። በብዙ ድርጅቶች K ቀድሞ፣ ወሩ ባለቀ በሁለተኛው ቀን ግድም ይዘጋል። S ለማስተካከያ ጆርናሎች ሲባል ለጥቂት ቀናት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ የቋሚ ንብረት እርጅና ቅናሽና የውጭ ምንዛሪ ስሌት ግን በዚህ መሀል ይሠራሉ።

እነዚህ ሁለቱ የሚረሱ አይደሉም። የንብረቱ ዋጋና የአገልግሎት ዘመኑ ሲስተሙ ውስጥ ስላለ እርጅናው ትዕዛዙ ሲሰጠው በራሱ ይሰላል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት የምንዛሪውን ስሌት ሥራ አስኪያጁ ጭምር በጉጉት ይጠብቀዋል። አክሩዋል ግን የሚጠብቀው የለም። ሲስተሙ የሚያስበው በገባለት ሰነድ ላይ ተነሥቶ ነው፤ አክሩዋል ደግሞ ሰነዱ ገና ያልመጣ ነገር ነው። ያልገባ ሰነድ ቀይ መብራት አያበራም።

እዚህ ላይ ዕቃና አገልግሎት ይለያያሉ፤ የችግሩ ሥር ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ፋብሪካው የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሬ ዕቃ ሲገዛ የመጋዘን ሠራተኛው MIGO ላይ ገቢ ያደርጋል። በዚያች ቅጽበት ሲስተሙ ዕቃውን በንብረት፣ ዋጋውን ደግሞ «ዕቃው ገብቷል፣ ኢንቮይሱ ይጠበቃል» በሚል መሸጋገሪያ ሂሳብ ላይ ይመዘግባል። ኢንቮይሱ ከሁለት ወር በኋላ ቢመጣ እንኳ ዕዳው ታውቋል። አክሩዋሉን ማንም ሳያስብበት የመጋዘን ሠራተኛው ሠርቶታል ማለት ነው። ይህም የሚሆነው ግን ገቢው በጊዜው ከተሠራ ነው። ሞዴል 19 በወረቀት ተቆርጦ፣ ወደ ሲስተሙ የሚገባው ከሦስት ቀን በኋላ በጁላይ ቀን ከሆነ፣ ዕቃውም ዕዳውም ከጁን ውጭ ይቀራሉ።

ለድሬዳዋው ጉዞ ግን መጋዘንም ሞዴል 19ም የለም። ሾፌሩ ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል፤ መድረሱን የሚያውቀው የሥርጭት ክፍሉ ነው። ኤስኤፒ አገልግሎት መሰጠቱን የሚያረጋግጥ መመዝገቢያ አለው፤ ያንን ለመሙላት ግን አስቀድሞ የግዥ ትዕዛዝ መከፈት አለበት። በተግባር የሚታየው ተቃራኒው ነው። መኪናው በስልክ ይጠራል፣ ይጭናል፣ ይደርሳል፤ የግዥ ትዕዛዙ የሚከፈተው ኢንቮይሱ ከመጣ በኋላ፣ ክፍያው እንዲያልፍ ብቻ ተብሎ ነው። ትዕዛዙ ኋላ በተከፈተበት ቦታ ሁሉ ሲስተሙ ከኢንቮይሱ በፊት ስለ ወጪው ምንም አልሰማም። በአዲሱ የኤስኤፒ ስሪት ክፍት የግዥ ትዕዛዞችን አይቶ አክሩዋል የሚያቀርብ አሠራር አለ፤ እሱም የሚረዳው ትዕዛዙ በጊዜው ለተከፈተ ብቻ ነው።

አሁን የ7ቱ ጉዞዎች ኢንቮይስ ጁላይ 3 መጣ እንበል። በላዩ ላይ የተጻፈው ቀን ጁን 28 ነው። የአቅራቢዎች ሂሳብ ሠራተኛዋ ወደ ሲስተሙ ልታስገባው ስትሞክር K ለጁን ተዘግቷል። ስለዚህ የሰነዱን ቀን ጁን 28፣ የምዝገባውን ቀን ጁላይ 3 አድርጋ ታስገባዋለች። ሲስተሙ የወሩን ወጪ የሚለየው በምዝገባው ቀን ስለሆነ 315 ሺህ ብሩ የጁላይ ሆነ። ሠራተኛዋ ምንም አላጠፋችም፤ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። በዚያው ሰዓት ከእሷ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ የተቀመጠው የአጠቃላይ ሂሳብ ባለሙያ S ተከፍቶለት ማስተካከያ ጆርናል እየሠራ ነው። ወረቀቱን ቢያየው ኖሮ የትራንስፖርት ወጪን ዴቢት፣ ያልተከፈለ ወጪን ክሬዲት አድርጎ በጁን ይመዘግበው ነበር። አላየውም። በኔ ግምት ከሚያመልጡት አክሩዋሎች ብዙዎቹ በዚህች ክፍተት፣ K ተዘግቶ S ክፍት በሆነባቸው ቀናት ነው የሚጠፉት።

በእኛ አገር ሌላ ምክንያትም ይጨመራል፤ እሱም የቀን አቆጣጠሩ ነው። ሲስተሙ በፈረንጅ ወር ሲሠራ የጥበቃ፣ የጽዳትና የኪራይ ውሎች ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ ወር ይቆጠራሉ። የፋብሪካው የጥበቃ ድርጅት በወር 300 ሺህ ብር ያስከፍላል እንበል። የሰኔ ኢንቮይሱ የሚመጣው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ጁን ሲዘጋ ከሰኔ 30 ቀናት 23ቱ አልፈዋል፤ 230 ሺህ ብር መመዝገብ አለበት። ከጁን 1 እስከ 7 ያሉት ቀናት ደግሞ ከግንቦት 24 እስከ 30 ያሉት ስለሆኑ የነሱ 70 ሺህ ብር በግንቦት ኢንቮይስ ውስጥ ነው።

ማንም ይህን ሳያሰላ፣ በጁን የመጣውን የግንቦት ኢንቮይስ እንዳለ ቢመዘግበውስ? የጁን የጥበቃ ወጪ 300 ሺህ ብር ይሆናል። ትክክለኛውም ድምር 300 ሺህ ነው። ስህተቱ ራሱን ሸሸገ ማለት ነው። በየወሩ የባለፈውን ወር ወጪ የሚመዘግብ ድርጅት ወጪውን ከወር ወር ቢያነጻጽር ለዓመታት ምንም ላያይ ይችላል፤ አሥራ ሁለቱም ወሮች እኩል ናቸው። የሚጋለጠው ዋጋ ሲቀየር ነው። ከሰኔ 1 ጀምሮ ክፍያው ወደ 390 ሺህ ብር ካደገ የጁን ትክክለኛ ወጪ 70 ሺህ ሲደመር 299 ሺህ፣ ማለትም 369 ሺህ ብር ነው። የተመዘገበው ግን 300 ሺህ ነው። ከወጪው 69 ሺህ ብር ሲጎድል፣ ከዕዳው ዝርዝር ደግሞ 299 ሺህ ብሩ በሙሉ ጠፍቷል። ስለዚህ «ወጪው ከባለፈው ወር ጋር ይቀራረባል» የሚለው ማረጋገጫ ለአክሩዋል አይበቃም። መታየት ያለበት የዕዳው ሂሳብ ነው፦ በወሩ መጨረሻ ለጥበቃ ድርጅቱ ስንት ያልተከፈለ ብር ተይዟል? መልሱ ዜሮ ከሆነ አክሩዋሉ የለም።

ያመለጠውን ለማግኘት ቀላል መንገድ አለ፤ ኦዲተሮችም የሚጠቀሙበት ነው። በጁላይ አጋማሽ FBL1N በተባለው የአቅራቢዎች ዝርዝር ላይ የምዝገባ ቀናቸው ጁላይ የሆኑትን ማውጣት፣ በሰነዱ ቀን መደርደር፣ ከላይ ጀምሮ የጁንና ከዚያ በፊት ያሉትን ማየት ነው። የጁን 28ቱ ኢንቮይስ እዚያ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ይህ መንገድ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አቅራቢው ኢንቮይሱን ዘግይቶ በጁላይ ቀን ከጻፈው የሰነዱ ቀን አይረዳም፤ አገልግሎቱ የተሰጠበትን ቀን ከወረቀቱ ማንበብ ግድ ነው። ደግሞም ፍለጋው የሚሠራው ካለፈ በኋላ ነው።

ሳያመልጥ ለመያዝ ከኢንቮይሱ ሳይሆን ከሥራው መነሣት ይሻላል። የውኃ ፋብሪካው የሽያጭ ክፍል እያንዳንዱን ጭነት ከመጋዘን ሲያስወጣ በሲስተሙ ውስጥ መዝግቧል፤ ወደ ድሬዳዋ 18 ጭነት መውጣቱ እዚያው ተጽፏል። ጁን 30 ምሽት ላይ ይህን ቁጥር ኢንቮይስ ከቀረበባቸው 11 ጉዞዎች ጋር ማስተያየት 7ቱን ያወጣቸዋል፤ በ45 ሺህ ሲባዙ 315 ሺህ ብር። ማስረጃው በሽያጭ ሞጁል ውስጥ ነበር፤ የፋይናንስ ክፍሉ ግን ሽያጭን የሚያየው ለገቢ እንጂ ለኪራይ ዕዳ አይደለም። ለመብራት ቆጣሪው፣ ለጥበቃ የውሉ ዋጋና የቀኑ ብዛት፣ ለጠበቃ ደግሞ ጉዳዩን የያዘው ክፍል እንደዚሁ ምስክር ይሆናሉ። የሚመዘገበው ከቫት በፊት ያለው ዋጋ ነው፤ ቫቱ ተመላሽ ሊጠየቅበት የሚችለው ኢንቮይሱ በእጅ ሲገባ ነውና።

ከዚያ ጆርናሉ በጁላይ 1 ይገለበጣል። ሲስተሙ የመገልበጫውን ቀን አስቀድሞ ስለሚቀበል በሚቀጥለው ወር መገልበጡን ማካሄድ ብቻ ይቀራል። ካልተገለበጠ ኢንቮይሱ ሲመጣ ወጪው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ተገልብጦ ባለመኪናዎቹ የ6 ጉዞ ብቻ ቢያስገቡስ? ከጁን በተላለፉት ጉዞዎች ላይ የጁላይ ወጪ 45 ሺህ ብር ከዜሮ በታች ሆኖ ይታያል። ይህ ነጋቲቭ ቁጥር አንድ ጉዞ ገና ኢንቮይስ እንዳልቀረበበት ይናገራል፤ በጁላይ መጨረሻም ያ 45 ሺህ ብር እንደገና ይያዛል።