የዘገየ ክፍያን በትሕትና መጠየቅ

ሥራውን አስረክቦ ክፍያው የዘገየበት ነጋዴ ብዙ ጊዜ በይሉኝታና በንዴት መካከል ይወዛወዛል። መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ወራት ሲያልፉ በስልክ ይቆጣል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በጽሑፍ የሚቀርብ የክፍያ ማስታወሻ ነው። ጥሩ ማስታወሻ በአነጋገሩ ለስላሳ፣ በመረጃው ግን ቁርጥ ያለ ነው።

ክፍያ የሚዘገየው ሁልጊዜ ደንበኛው መክፈል ስላልፈለገ አይደለም። ሥራውን ያዘዘው ሠራተኛ ለቆ ሊሆን ይችላል፤ ደረሰኙ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሳይተላለፍ ሊቀር ይችላል፤ ወይም የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ተሳስቶ በመጻፉ የሒሳብ ክፍሉ አልቀበልም ብሎ ይሆናል። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት የራስን ሰነድ መመርመር ይገባል፦ የሥራ ትዕዛዙ፣ ደንበኛው የፈረመበት መረከቢያ እና ደረሰኙ መጠናቸውና ዋጋቸው መስማማት አለበት። ቀጥሎ ሥራውን ላዘዘው ሰው ስልክ መደወል ነው። «ሰነዱ ሒሳብ ክፍል ደርሷል? የጎደለ ነገር አለ?» የሚለው ጥያቄ ማንንም አይከስም፤ ወረቀቱ የት እንደቆመ ግን ያሳያል።

ስልኩ መፍትሔ ካላመጣ ደብዳቤ ይከተላል። ለምሳሌ አንድ ማተሚያ ቤት 3,000 በራሪ ወረቀቶችን እያንዳንዱን በ14 ብር አትሞ አስረከበ እንበል። ዋጋው 42,000 ብር፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 6,300 ብር፣ ድምሩ 48,300 ብር ነው። ክፍያው በ30 ቀን ውስጥ ይጠበቅ ነበር፤ ከመክፈያው ቀን ወዲህ አራት ወር አልፏል። ደብዳቤው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ቀን፦ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የኅትመት ክፍያን ይመለከታል

ድርጅታችን ለድርጅታችሁ ያተማቸውን 3,000 በራሪ ወረቀቶች ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማስረከቡ ይታወሳል። በዕለቱ በተሰጠው ደረሰኝ መሠረት ኅዳር 12 ቀን ይከፈላል ተብሎ የተጠበቀው 48,300 ብር እስከዛሬ አልደረሰንም። የደረሰኙንና የመረከቢያውን ቅጂ አባሪ አድርገናል። ክፍያው እስከ መጋቢት 26 ቀን እንዲፈጸምልን፣ በሰነዱ ላይ የጎደለ ነገር ካለም እንዲገለጽልን በትሕትና እንጠይቃለን። ክፍያው አስቀድሞ ተፈጽሞ ከሆነ የባንክ ማስረጃው ቅጂ ቢላክልን እናመሰግናለን።
ከሰላምታ ጋር

ይህ ደብዳቤ ጥፋተኛ አይፈልግም። «በተደጋጋሚ ብንጠይቅም» የሚል ቃል የለውም፤ ስለ ማተሚያ ቤቱ ኪራይና ደመወዝም አያወራም። ሆኖም የሒሳብ ሠራተኛው የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ሥራው፣ ቀኑ፣ መጠኑና ማስረጃው፣ በአንድ ላይ አለ። የመጨረሻ ቀን መቁረጡም አስፈላጊ ነው፤ «በቅርቡ» የሚል ቃል ለአስታዋሹም ለተቀባዩም መያዣ የለውም።

ደብዳቤው ለመዝገብ ቤት ሲሰጥ ቀሪው ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ማስመታት በኋላ «አልደረሰንም» የሚል ክርክር እንዳይነሣ ይረዳል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ግን ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ ማድረግ አይመከርም። ሥራውን ያዘዘው ሰው በአለቃው ፊት እንደተከሰሰ ይቆጥረዋል፤ ነገ ሥራ የሚሰጠውም ያ ሰው ነው።

ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ጊዜው ራሱ ይወስናል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ማስታወሻው ከዚያ በቂ ቀናት ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ካለፈ ክፍያው ከአዲሱ በጀት ጋር ይጠላለፋል።

ምላሹ «ይከፈላል» ብቻ ከሆነ ቀኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ደንበኛው ገንዘብ አጥሮት ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ እንዲከፍል መስማማት ይቻላል፤ ስምምነቱ ግን ዕዳውን በግልጽ ጠቅሶ በፊርማ መጽናት አለበት። የገባው ገንዘብ ከድምሩ ጥቂት ካነሰ ደግሞ ከመቆጣት በፊት ደንበኛው ቅድመ ግብር ቀንሶ እንደሆነ ማጣራትና የቀነሰበትን ደረሰኝ መጠየቅ ይገባል።

የተቆረጠው ቀን ያለ ምላሽ ካለፈ ሁለተኛው ደብዳቤ ይለያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1772 እንደሚለው ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን በመሠረቱ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ስለዚህ ይህኛው ደብዳቤ ቃሉ ጨዋ ቢሆንም ማስጠንቀቂያ መሆኑን በስሙ ይጠራል፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቀን ይጠቅሳል፤ የመጨረሻ ቀን ይሰጣል። ግልባጭ ለሥራ አስኪያጁ የሚደረገውም በዚህ ጊዜ ነው። አዲስ ሥራ ከመጣም የቀድሞው ሒሳብ እስኪዘጋ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ ዕዳው እንዳይደራረብ ያደርጋል።