ማብሪያው ሲጠፋ አብሮ የማይጠፋው ከረንት

በመኪና ውስጥ የፊት መብራትንና የራዲያተር ቬንትሌተርን የመሰለ ብዙ ከረንት የሚስብ ዕቃ የሚበራው በሪሌ አማካይነት ነው። ሪሌው ውስጥ በብረት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ። ከረንት ሲያልፍበት ማግኔት ሆኖ ወፍራሙን መገናኛ ይስባል፣ ከረንቱ ሲቋረጥ ይለቀዋል። መሣሪያ የሚያበላሸው ችግር የሚፈጠረው በዚህ መልቀቂያ ቅጽበት ነው።

የተጠመጠመ ሽቦ ኢንዳክተር ይባላል። ኢንዳክተር ኃይሉን የሚያስቀምጠው በማግኔታዊ መስኩ ውስጥ ነው፤ የመስኩ መጠን ደግሞ በሽቦው በሚያልፈው ከረንት ይወሰናል። የተጠራቀመ ኃይል በዜሮ ጊዜ ውስጥ ሊጠፋ ስለማይችል ከረንቱም በድንገት ሊዘል አይችልም። ስለዚህ ማብሪያው ሊጠፋ ሲል በጥቅልሉ የነበረው ከረንት፣ ልክ እንደጠፋም ያው ነው። ሌላው ነገር ሁሉ፣ ቮልቴጁንም ጨምሮ፣ በቅጽበት ሊለወጥ ይችላል።

ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ እንየው። ባትሪው 12 ቮልት፣ የጥቅልሉ ሬዚስታንስ 120 ኦም፣ ኢንዳክታንሱ 0.6 ሄንሪ ይሁን። ከጥቅልሉ ጎን ለጎን 480 ኦም ሬዚስተር ተገናኝቷል። ማብሪያው በርቶ ረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ የጥቅልሉ ከረንት መለወጡን ስለሚያቆም ጥቅልሉ እንደ ተራ ሬዚስተር ይሆናል። 12 ለ120 ሲካፈል 0.1 አምፒር ወይም 100 ሚሊአምፒር ይሰጣል። በጎኑ ያለው ሬዚስተር 25 ሚሊአምፒር ይወስዳል፤ ባትሪው በድምሩ 125 ሚሊአምፒር ያወጣል።

አሁን ማብሪያው ይጥፋ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ 125ቱን የመነሻ ከረንት አድርጎ ይጽፋል። ነገር ግን ሳይለወጥ የሚቀጥለው የጥቅልሉ 100 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ባትሪው ስለተለየ ይህ ከረንት የሚመለስበት መንገድ ሬዚስተሩ ነው፤ የሬዚስተሩ ከረንት በቅጽበት ከ25 ወደ 100 ሚሊአምፒር ይዘላል፣ አቅጣጫውም ይገለበጣል። 0.1 አምፒር በ480 ኦም ሲባዛ 48 ቮልት ነው። ማብሪያው በሁለት ጫፎቹ መካከል የሚሸከመው የባትሪው 12 ተጨምሮበት 60 ቮልት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ከረንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ፍጥነቱን የሚወስነው የጊዜ ቋሚው ነው፤ እሱም ኢንዳክታንሱ ለቀለበቱ ጠቅላላ ሬዚስታንስ ሲካፈል የሚገኘው ነው፦

τ = L/R = 0.6/600 = 0.001 s
i = 0.1·e^(−t/τ)

በ1 ሚሊሰከንድ ከረንቱ ወደ 37 ሚሊአምፒር፣ በ3 ሚሊሰከንድ ወደ 5 ሚሊአምፒር ይወርዳል።

ሬዚስተሩን 10 ሺህ ኦም ብናደርገው ጥቅልሉ ቶሎ ይራገፋል፤ ነገር ግን የመነሻው ቮልቴጅ 1000 ይሆናል። ጨርሶ መንገድ ከሌለ ደግሞ ቮልቴጁ ከረንቱ መውጫ እስኪያገኝ ድረስ ያድጋል። በማብሪያው ክፍተት የሚታየው ብልጭታ ይህ ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ ረጅም ሽቦ ከባትሪ ሲለያይ የሚታየውን ይህን ብልጭታ እ.ኤ.አ. በ1832 ጽፎ አሳትሟል፤ የኢንዳክታንስ መለኪያም በስሙ ተጠርቷል።

ሪሌውን የሚያዘው ትራንዚስተር ከሆነ ይህን ቮልቴጅ አይችለውም። ብዙ ጊዜ በውስጡ ሾርት ሆኖ ይቀራል፤ ምልክቱም ሪሌው አጥፋ ቢባልም አለመልቀቁ ነው። ማብሪያው ሜካኒካል ከሆነ መገናኛው እየጠቆረና እየተበላ ይሄዳል።

የተለመደው መፍትሔ በጥቅልሉ ጎን ዳዮድ ማድረግ ነው። ነጭ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይዞራል፤ በተገላቢጦሽ ከተገጠመ ሪሌው ሲበራ ሾርት ይፈጥራል። ዳዮዱ ሲበራ ምንም አያሳልፍም፣ ሲጠፋ ግን 0.7 ቮልት ገደማ ብቻ ይዞ ከረንቱን ይመልሳል፤ ማብሪያው ላይ የሚያርፈውም 12.7 ቮልት ብቻ ነው። ዋጋው ጊዜ ነው፦ በቀለበቱ የቀረው የጥቅልሉ 120 ኦም ብቻ ስለሆነ የጊዜ ቋሚው 5 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሪሌው በ30 ሚሊአምፒር የሚለቅ ቢሆን በሬዚስተሩ 1.2፣ በዳዮዱ 5.4 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ብረቱ ሲንቀሳቀስ ኢንዳክታንሱ ስለሚለወጥ እውነተኛው ሪሌ ከዚህ ትንሽ ይለያል።

መዘግየቱም ለሪሌው የራሱ ጉዳት አለው፤ ማግኔቱ ቀስ ብሎ ሲለቅ ወፍራሙ መገናኛ ቀስ ብሎ ይላቀቃል፣ በላዩ የሚነሣው ብልጭታም ይረዝማል። ቶሎ መልቀቅ ለሚያስፈልገው ሪሌ ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ ዜነር ዳዮድ ይጨመራል። የዜነሩ ቮልቴጅ በጨመረ ቁጥር ከረንቱ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ልኩን የሚወስነው ግን ትራንዚስተሩ የሚችለው ቮልቴጅ ነው።