የዕቃ ፎቶግራፍ ዳራን ወደ ጎን ስለ ማስፋት

ነጋዴ የዕቃውን ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ የሚያዘጋጀው ቁመቱንና ወርዱን እኩል አድርጎ ነው፤ ብዙ የገበያ ገጾች የሚመርጡት ይህን ቅርጽ ነውና። ያው ዕቃ በድረ ገጽ ራስጌ ላይ በባነር እንዲታይ በተፈለገ ጊዜ ግን ቁመቱ ሳይጨምር ወርዱ እጥፍ መሆን ይገባዋል። ምስሉን በግድ ወደ ጎን ቢለጥጡት ዕቃው ያለ ተፈጥሮው ይወፍራል፤ ከላይና ከታች ቢቆርጡት አፉና መቀመጫው ይጠፋል። የሚቀረው መንገድ ዕቃውን ሳይነኩ ከበስተኋላው ያለውን ዳራ ብቻ ከጠርዙ ባሻገር ማስቀጠል ነው። ይህን ሥራ ቀድሞ የሚሠራው የግድግዳውን ቁራጭ እየቀዳ በትዕግሥት የሚለጥፍ ባለሙያ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግን በ2022 ዳል ኢ 2፥ በ2023 ደግሞ ፎቶሾፕ `Generative Expand` በተባለው ትእዛዝ ሥራውን ለምስል አመንጪ ሞዴል አስረከቡት።

ሞዴሉ ባዶውን ስፍራ የሚሞላው ከሌላ ፎቶግራፍ ቆርጦ በመለጠፍ አይደለም። አስቀድሞ ስፍራውን ሥርዐት በሌለው የነጠብጣብ ብናኝ ይሸፍነዋል፤ ከዚያም ብናኙን በየደረጃው እያጠራ፥ በየደረጃውም በአጠገቡ ያለውን እውነተኛ ምስል እየተመለከተ፥ ከዚያ ጋር የሚስማማ ግድግዳ፥ ጠረጴዛ ወይም ጥላ ያወጣል። የትኛው ስፍራ እንደሚሞላና የትኛው እንደሚጠበቅ የሚነግረው ማስክ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ምስል ነው፤ እንደ ተለመደው ነጩ ይሞላል፥ ጥቁሩ ይጠበቃል። ስለዚህ እውነተኛው ፎቶግራፍ ለሞዴሉ ብቸኛ ምስክሩ ነው፤ ምስክሩን በቅርብና በሰፊው ያየ ሞዴል ኅብሩን ይጠብቃል፥ ከምስክሩ የራቀ ግን ከራሱ ይፈጥራል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ፎቶግራፍ እንውሰድ። ጥቁር የሸክላ ጀበና በአሮጌ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ግራጫ ሻካራ ግድግዳ አለ፤ ብርሃኑ በስተ ግራ ካለ መስኮት ይመጣል፤ የጀበናው ጥላ ወደ ቀኝ ወድቆ በምስሉ ጠርዝ ላይ ተቆርጧል። ምስሉ 1024 በ1024 ፒክስል ነው፤ የሚፈለገው ባነር 2048 በ1024 ነው። ጽሑፍ በግራ እንዲያርፍ ስለሚታሰብ 768 ፒክስል በግራ፥ 256 ፒክስል በቀኝ እንጨምራለን።

የግራውን 768 በአንድ ጊዜ መጠየቅ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሞዴሎች በ1024 በ1024 መጠን ስለ ሠለጠኑ፥ ከዚያ በሰፋ ሸራ ላይ ከምስክሩ ርቆ የሚገኘውን ባዶ ስፍራ ራሱን እንደ ቻለ አዲስ ፎቶግራፍ ቆጥረው ሁለተኛ ጀበና ያበቅሉበታል። ስለዚህ ሥራውን በሁለት እርምጃ እንከፍለዋለን። በመጀመሪያው፥ ሞዴሉ ከሚያየው 1024 ወርድ ውስጥ 384ቱ ባዶ፥ 640ው የፎቶግራፉ የግራ ክፍል ይሆናል፤ በሁለተኛው ደግሞ 384 አዲስ ባዶ፥ 384 ቀድሞ የተሞላው፥ 256 እውነተኛው ፎቶግራፍ ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ እውነተኛው ግድግዳ ከሞዴሉ ዓይን አይጠፋም። ማስኩም ልክ በጠርዙ ላይ አይቆምም፤ 48 ፒክስል ያህል ወደ ፎቶግራፉ ውስጥ ይገባል፥ ጠርዙም ቀስ በቀስ ከነጭ ወደ ጥቁር እንዲያልፍ ይለሰልሳል። በዚህ ጠባብ ድንበር አሮጌውና አዲሱ ስለሚደራረቡ፥ አንዱ የሚያልቅበትን ሌላው የሚጀምርበትን ዓይን ለይቶ ማግኘት ይሳነዋል።

ለሞዴሉ የሚጻፍለት መመሪያ ዳራውን ብቻ መናገር አለበት። ጀማሪ ሰው ስለ ጀበናው በሰፊው ይጽፋል፤ ሞዴሉም የተነገረውን ለመፈጸም በባዶው ስፍራ ሌላ ጀበና ያቆማል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ከሁሉ ይልቅ በእንግሊዝኛ መግለጫ ስለ ሠለጠኑ መመሪያውን በዚያው ቋንቋ እንዲህ መጻፍ ይበጃል፦

```
rough grey plaster wall, worn wooden table,
soft window light from the left, empty background
```

ትርጉሙ ሻካራ ግራጫ ግድግዳ፥ ያረጀ የእንጨት ጠረጴዛ፥ ከግራ የሚመጣ ለስላሳ የመስኮት ብርሃን፥ ባዶ ዳራ ማለት ነው። የብርሃኑ አቅጣጫ መጠቀሱ ከንቱ አይደለም፤ ወደ ግራ የተጨመረው ግድግዳ ወደ መስኮቱ ስለሚቀርብ በጥቂት በጥቂቱ እየበራ መሄድ አለበት፥ በቀኝ የተጨመረው ደግሞ የተቆረጠውን ጥላ ተቀብሎ እየሳሳ እስከ ፍጻሜው ማድረስ አለበት። ጥላው በጠርዙ ላይ በድንገት ከቆመ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢስማማ ተመልካቹ ሐሰቱን ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ብዙዎች የሚዘነጉት ሥራ ይመጣል። እንደ ስቴብል ዲፊውዥን ያሉ ሞዴሎች ምስሉን የሚሠሩት በየጎኑ ስምንት እጥፍ ካሳነሱት በኋላ ነው፤ መልሰው ሲዘረጉት በማስኩ የተጠበቀው ክፍል እንኳ ፈጽሞ እንደ ነበረ አይመለስም። በሸክላው ላይ ያለ ቀጭን ጭረት ይደበዝዛል፥ በዕቃ ላይ የታተመ ትንሽ ፊደልም ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ በመጨረሻ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ በቀድሞ ስፍራው ላይ በለስላሳ ጠርዝ መልሶ መደረብ ግዴታ ነው፤ ገዢው የሚያየው ጀበና በካሜራ የተነሣው ራሱ ጀበና እንጂ አምሳያው መሆን የለበትምና።

እውነተኛው ፎቶግራፍ ከተደረበ በኋላ ሌላ ልዩነት ይገለጣል፤ ካሜራው በግድግዳው ላይ የተወው ደቃቅ ብናኝ አለ፥ ሞዴሉ የሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ከልክ ያለፈ ጥራት አለው። የተጀመረ ሸማ የሚቀጥል ሸማኔ አስቀድሞ የፈትሉን ውፍረት እንደሚያጤን፥ እኛም በተጨመረው ክፍል ላይ በመጠኑ እኩል የሆነ ብናኝ እንነሰንሳለን፤ የቀድሞው ግድግዳ በሌንስ የደበዘዘ ከሆነም አዲሱን በዚያው ልክ እናደበዝዛለን።

ምርመራውም ሥርዐት አለው። በመጀመሪያ የምስሉን የብርሃንና የጽልመት ልዩነት ለጊዜው እጅግ ከፍ ማድረግ ይገባል፤ በተራ ዕይታ የተሰወረ ቀዋሚ የመጋጠሚያ መስመር በዚህ ጊዜ ግልጥ ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ የጠረጴዛውን ጠርዝ በአግድም ከዳር እስከ ዳር መከተል ነው፤ በድንበሩ ላይ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፥ ወይም ካዘነበለ፥ ያንን እርምጃ እንደ ገና መሥራት እንጂ በማደብዘዝ መሸፈን አይበጅም፤ የደበዘዘ መስመር የተሰበረ መስመር መሆኑን አይተውምና። በመጨረሻም ምስሉን እንደ መስታወት ወደ ጎን መገልበጥ፤ ዓይን የለመደውን ሲያጣ የተደጋገመ የግድግዳ ነቁጥና አቅጣጫው የተሳሳተ ጥላ ወዲያው ይታዩታል።

የዚህ ጥበብ ወሰኑ ዕቃው ራሱ ነው። የጀበናው እጀታ በፎቶግራፉ ጠርዝ ተቆርጦ ቢሆን ሞዴሉ ያማረ እጀታ ይጨምርለታል፤ ያ እጀታ ግን በየትኛውም ሸክላ ሠሪ እጅ ያልተሠራ ነው፥ ገዢው ለዚያ ገንዘቡን ከፍሎ ሌላ ይረከባል። ግድግዳውን ማስቀጠል ማንንም አይጎዳም፤ ዕቃውን ማስቀጠል ግን በሐሰት መመስከር ነው። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ሲያጋጥም ጀበናውን ዙሪያውን ክፍት ስፍራ ትቶ እንደ ገና ማንሣት ይገባል፤ በየጎኑ የተረፈው ባዶ ግድግዳ በሰፋ መጠን በኋላ ለሚመጣው ሥራ ሁሉ የታመነ ምስክር ይሆናል።