ሻይ የጠጣ ኪቦርድ

ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። L ተጣብቆ ይቀርና ሁለት ሁለት ይጽፋል፤ 2፣ W፣ S እና X ጭራሽ አይሠሩም። "ሻይ ፈሶበታል?" ስለው ሳቀ። "ከሁለት ሳምንት በፊት፤ ግን ደርቋል እኮ!" ውሃው ደርቋል፣ ስኳሩ ግን እዚያው ነው።

L ቀላል ነበር። ላፕቶፑን አጥፍቼ፣ ባትሪውን ነቅዬ፣ የቁልፉን ክዳን በቀጭን ፕላስቲክ አነሳሁት። ብዙዎች በአልኮል ብቻ ይጠርጋሉ፤ አልኮል ግን ስኳርን በደንብ አያሟሟም። በመጀመሪያ በተጣራ ውሃ ትንሽ በረጠበ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ፣ ቀጥሎ ውሃውን ጠርጎ እንዲያወጣ በ90 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠረግሁት። ስፔስና ኢንተርን ግን ቤት ውስጥ አትንቀሉ፤ ከሥራቸው ያለው ሽቦ ቶሎ ይጣመማል።

የማይሠሩት አራቱ ቁልፎች ግን አብረው የሞቱት በአጋጣሚ አይደለም፤ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ሻዩ ከቁልፎቹ ሥር ባሉት ስስ ፕላስቲኮች መካከል ገብቶ መስመሩን በልቶታል። በዩኤስቢ ሌላ ኪቦርድ ስሰካ አራቱም ሠሩ፤ ስለዚህ ችግሩ ዊንዶውስ አይደለም። የኪቦርዱን ገመድ ነቅዬ ብመልሰውም ለውጥ የለም። ይህ በጽዳት አይድንም፤ ኪቦርዱ ይቀየራል።

በብሎን የታሰረ ቢሆን ቀላል ነበር። የደንበኛው ግን በቀለጠ ፕላስቲክ ከላይኛው ሽፋን ጋር ተጣብቋል፤ ከነሽፋኑ መቀየር ደግሞ ይወደዳል። ለጊዜው የዩኤስቢ ኪቦርድ ገዝቶ ሄደ።