ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ከተወሰኑ በኋላ፦ ቅባትና ፋይበር ስንት ይሁኑ?

የምግብ ዕቅድ የሚያወጡ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮቲን ይጀምራሉ። ቀጥለው ካርቦሃይድሬትን እንደ ሰውየው ሥራና እንቅስቃሴ ይወስናሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ከቀኑ ካሎሪ የተረፈው ለቅባት ይሰጣል፣ ፋይበር ደግሞ «አትክልት አብዙ» በሚል ምክር ይታለፋል። ዕቅዱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። ቅባት የቀረውን ካሎሪ ቢወስድም የራሱ ወለልና ጣሪያ አለው። ፋይበር ደግሞ በዕቅዱ ላይ የሚደረብ ሌላ ነገር ሳይሆን፣ አስቀድሞ በተመረጠው ካርቦሃይድሬት ውስጥ ያለ ወይም የሌለ ነገር ነው።

የቅባት ስሌት

ስሌቱ የቆመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዎተር ባስቀመጠው መለኪያ ላይ ነው፦ አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል። 60 ኪሎ የምትመዝንና በቀን 1,800 ካሎሪ የምትመገብ ሴት እናስብ። ፕሮቲኗ 95 ግራም፣ ካርቦሃይድሬቷ 210 ግራም እንዲሆን ተወስኗል። ሁለቱ 380 እና 840፣ በድምሩ 1,220 ካሎሪ ይወስዳሉ። የቀረው 580 ካሎሪ ለ9 ሲካፈል 64 ግራም ቅባት ይሆናል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው 64 ግራም ከወለሉና ከጣሪያው አንጻር የት ላይ ነው የሚለው ነው። ወለል ያስፈለገው ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው የቅባት ዓይነቶች ስላሉ ነው። ይህን በ1929 ጆርጅና ሚልድረድ በር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ምንም ቅባት ባልተሰጣቸው አይጦች አሳይተዋል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገቡም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ባደረጉት የጋራ ምክክር ለአዋቂ ዝቅተኛው ከጠቅላላ ካሎሪ 15 በመቶ፣ በመውለጃ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ደግሞ 20 በመቶ እንዲሆን ተመክሯል። በጣሪያው ላይ ምክሮቹ ይለያያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለአዋቂዎች 30 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲል፣ በአሜሪካ ሲሠራበት የቆየው ክልል እስከ 35 በመቶ ይደርሳል።

በዚህ መሠረት የሴትዮዋ ወለል 40 ግራም፣ ጣሪያዋ 60 ወይም 70 ግራም ነው። 64 ግራም ከወለሉ በላይ፣ በሁለቱ ጣሪያዎች መሀል ስለሚወድቅ ዕቅዷ እንዳለ ይቀጥላል። ክብደት ለመቀነስ ብላ ካሎሪውን ወደ 1,500 ብታወርድና ፕሮቲኑን ወደ 120 ከፍ አድርጋ ካርቦሃይድሬቱን ባትነካ ግን ለቅባት የሚተርፈው 20 ግራም ብቻ ይሆናል። ይህ 12 በመቶ ነው። መስተካከል ያለበት ታዲያ ካርቦሃይድሬቱ ነው። 30 ግራም ሲቀነስለት 120 ካሎሪ ይለቀቃል፤ ቅባቱም ወደ 33 ግራም ወጥቶ ከ20 በመቶው ወለል ላይ ይደርሳል።

ዘይቱ የት ገባ?

64 ግራም በወረቀት ላይ ግልጽ ነው፤ ወጥ ውስጥ ግን አይታይም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ቅባትና 120 ካሎሪ አለው። ከአንድ ትሪ በጋራ ለሚበላ ቤተሰብ የእያንዳንዱን ድርሻ በሚዛን መለካት አይሞከርም። የሚሻለው ጠርሙሱን መቁጠር ነው። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ይመዝናል። አራት ሰው በአምስት ቀን ከጨረሰው ለአንድ ሰው በቀን 46 ግራም ይደርሳል። ሴትዮዋ ከ64 ግራሟ የሚቀራት 18 ግራም ብቻ ነው፤ ሁለት እንቁላል 10 ግራሙን ይወስዳል፣ ግማሽ አቮካዶ ቢጨመር ልኩ ያልፋል። በጾም ወቅት ሥጋና ቅቤ ቀርቶም ክብደቱ አልቀንስ የሚለው ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንኑ ጠርሙስ ነው።

የቅባቱ ዓይነትም ይቆጠራል። ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በቅቤ፣ በጮማና በሚረጋው የፓልም ዘይት የሚበዛው ቅባት፣ ከጠቅላላ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። ለ1,800 ካሎሪ ይህ 20 ግራም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ብቻውን 8 ግራም ገደማ ስለሚይዝ፣ ዶሮ ወጥ በሚበላበት ቀን ልኩ ቶሎ ይሞላል። የኑግና የሱፍ ዘይት በአንዱ አስፈላጊ ቅባት፣ በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸጉ ናቸው። ሌላው፣ ኦሜጋ 3 የሚባለው፣ በተልባ በብዛት ይገኛል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ የቀኑን ፍላጎት ይሸፍናል። ሳይፈጭ ከተበላ ግን አብዛኛው እንደገባ ይወጣል።

ፋይበር፦ የ210 ግራሙ ጥራት

በአሜሪካ የተለመደው መለኪያ በየ1,000 ካሎሪው 14 ግራም ፋይበር ነው፤ ለ1,800 ካሎሪ 25 ግራም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ቢያንስ 25 ግራም ይላል። በ2019 ላንሴት ላይ የታተመ ሰፊ ጥናትም ከልብ ሕመም፣ ከስኳርና ከአንጀት ካንሰር ጋር በተያያዘ የተሻለው ውጤት የታየው በቀን ከ25 እስከ 29 ግራም በሚመገቡት ላይ መሆኑን አሳይቷል።

ይህን ለማሟላት ሴትዮዋ 210 ግራሙን መጨመር አያስፈልጋትም፤ ከየት እንደሚመጣ መለወጥ ይበቃታል። ካርቦሃይድሬቷ በአብዛኛው ከነጭ ሩዝ፣ ከፓስታና ከፉርኖ ዳቦ ከሆነ ወደ 25 ግራሙ አትጠጋም፤ 100 ግራም የበሰለ ነጭ ሩዝ ግማሽ ግራም ፋይበር እንኳ አይሞላም። በምትኩ 300 ግራም ያህል የጤፍ እንጀራ 9 ግራም ገደማ፣ 200 ግራም የበሰለ ምስር 15 ግራም፣ 100 ግራም ጎመን 4 ግራም ይሰጧታል። ድምሩ 28 ነው። ምስሩ ከፕሮቲኗም 18 ግራም ይሸፍንላታል።

በውጭ የሚኖር አንባቢ የማሸጊያ ጽሑፍ ሲያነብ አንድ ነገር ልብ ይበል። በአሜሪካ «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» የሚለው ቁጥር ፋይበርን ይጨምራል፤ በአውሮፓ ግን ፋይበር ለብቻው ይጻፋል። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ 40 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከዚያ ውስጥ 10 ፋይበር ተብሎ የተጻፈው ምግብ ጀርመን ውስጥ 30 ግራም ካርቦሃይድሬትና 10 ግራም ፋይበር ተብሎ ይቀርባል። ሁለቱን እያቀላቀለ የሚቆጥር ሰው ሂሳቡ አይገጥምለትም። የፋይበር ካሎሪም ዝቅተኛ ነው፤ አውሮፓ በግራም 2 ካሎሪ ብሎ ይቆጥረዋል።

በቀን 12 ግራም የለመደ ሆድ በአንድ ጊዜ ወደ 28 ሲወጣ ይነፋል፣ ጋዝ ይበዛበታል። በየሳምንቱ 5 ግራም ያህል እየጨመሩ፣ ውኃም አብሮ እያበዙ መሄድ ይቀላል። ሆዱ ከደረቀ ብዙውን ጊዜ ያነሰው ውኃው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላም መነፋቱ ካልቀነሰ ወደ ቀደመው መጠን መመለስና ባቄላና አተርን በቅድሚያ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ይረዳል። የአንጀት ጥበት ወይም የቆሰለ አንጀት ያለበት፣ ሐሞት ከረጢቱ የወጣለት፣ ወይም ለስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ወደ ሥራ ባያስገባቸው ይሻላል፤ በእነዚህ ሁኔታዎች የቅባትም የፋይበርም ልክ ይለወጣል።