ተማሪው ምን ብሎ ይፈልጋል? ያለ ምንም ክፍያ ቁልፍ ቃል የምናገኝበት መንገድ



ባለፈው ዓመት በጀመዓችን የትምህርት ዘርፍ ያለን ጥቂት ተማሪዎች ለአንደኛ ዓመት ገቢዎች የሎጂክ ኮርስን በአማርኛ የሚያስረዱ 9 ቪዲዮዎች ሠርተን ዩቲዩብ ላይ ጫንን። የመጀመሪያውን «የሥነ አመክንዮ መግቢያ፣ ክፍል አንድ» አልነው። ርዕሱ አምሮን ነበር። ከወር በኋላ ስንከፍተው ግን ያዩት ሰዎች አብዛኞቹ የዶርም ጓደኞቻችን ነበሩ፤ እነሱም እኛ ሊንኩን ስለላክንላቸው ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን ፋላሲ የሚባለው ምዕራፍ አልገባ ብሎት ሲጨነቅ አገኘነው። በዲፓርትመንት ምደባ የአንደኛ ዓመት ውጤትም ስለሚታይ ጭንቀቱ ይገባናል። «ዩቲዩብ ላይ ምን ብለህ ፈለግህ?» ስንለው ስልኩን አሳየን። የጻፈው `logic chapter 5 fallacy in amharic` የሚል ነበር። አምስተኛው ቪዲዮአችን በትክክል ይህንኑ ምዕራፍ ያስረዳል። ርዕሱ ግን «የአስተሳሰብ ስህተቶች» ነው የሚለው። ከጻፋቸው ቃላት አንዱም እኛ ርዕስ ውስጥ የለም።

ቁልፍ ቃል የሚባለው ይኸው ነው፤ ፈላጊው በራሱ ጣት የሚጽፈው ሐረግ። ይህን ለማወቅ በወር በዶላር የሚከፈልባቸው ሶፍትዌሮች አሉ። እኛ ግን የሠራነው የመፈለጊያ ሳጥኑ ራሱ በሚሰጠው ጥቆማና ጉግል ትሬንድስ በሚባለው ነፃ ገጽ ብቻ ነው። አንድ ላፕቶፕና አንድ ምሽት በቅቶናል።

መጀመሪያ ጥቆማው። ጉግል ወይም ዩቲዩብ ላይ ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ከሥር የሚዘረዘሩት ሐረጎች ከሌሎች ሰዎች እውነተኛ ፍለጋ የሚመጡ ናቸው። በቋንቋ፣ ባላችሁበት አገርና እናንተ ቀደም ሲል በፈለጋችሁት ነገር ይለዋወጣሉ። ችግሩም እዚህ ጋ ነው። የእኛ ስልክ የራሳችንን ቪዲዮ ደጋግመን ስለፈለግነው «የሥነ አመክንዮ መግቢያ» ብሎ መልሶ ይጠቁመን ነበር። ደስ ብሎን ነበር፤ ለካስ የገዛ ራሳችንን የገደል ማሚቶ ነው የሰማነው። ስለዚህ ከአካውንታችሁ ውጡና ታሪክ በማይመዘግበው የብሮውዘር መስኮት ሥሩ። ቪፒኤን ካበራችሁም አጥፉት። ከመካከላችን አንዱ ቪፒኤኑን ረስቶ ሲሠራ የመጡለት ጥቆማዎች የሌላ አገር ተማሪዎች የሚፈልጓቸው ስለነበሩ አንዱም ከእኛ ኮርስ ጋር አይገናኝም።

እንዲህ ካጸዳችሁ በኋላ ዋናውን ሐረግ ጻፉና አንድ ክፍት ቦታ ተዉ፤ የሚመጣውን ሁሉ መዝግቡ። ከዚያ ከሐረጉ ቀጥሎ `a` ጻፉ፣ መዝግቡ፣ አጥፉት፣ `b` ጻፉ፤ እያላችሁ እስከ `z` ሂዱ። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሐረግ ብቻውን ከሚሰጣችሁ አሥር ያህል ጥቆማ ይልቅ ብዙ እጥፍ ታገኛላችሁ። በዚህ አላበቃም። ጠቋሚውን ወደ ሐረጉ መጀመሪያ መልሱትና ከፊቱ ፊደል ወይም ክፍት ቦታ ጨምሩ፤ ሰዎች ከፊት የሚያስቀድሙት ቃል ይወጣል። እኛ `logic and critical thinking` ብለን ስንጀምር በ`c` ሥር የምዕራፍ ቁጥሮች መጡ፣ በ`i` ሥር `in amharic`፣ በ`p` ሥር `ppt` እና `pdf`፣ በ`f` ሥር ደግሞ `final exam`። ከፊቱ ስንጨምር `freshman` የሚለው ቃል ደጋግሞ መጣ። በእናንተ ስክሪን ላይ ሌላ ሊመጣ ይችላል፤ ዝርዝሩ በየጊዜው ስለሚቀያየር ቀኑንም መመዝገብ ይጠቅማል።

ይህንኑ ጉግል ላይም ዩቲዩብ ላይም ለየብቻ ሥሩት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጉግል ላይ ተማሪው ፋይል ማውረድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ `pdf` ይበዛል። ዩቲዩብ ላይ ሰው እንዲያስረዳው ይፈልጋል፣ ስለዚህ `in amharic` ይበዛል። ለቪዲዮ የሚጠቅመን የኋለኛው ነበር።

በነገራችን ላይ የፊደላችን ጉዳይ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «ሶላት» የሚል አለ፣ «ሰላት» የሚል አለ፣ «ሷላት» የሚልም አለ። «ውዱእ» እና «ዉዱዕ»፣ «ረመዳን» እና «ረመዷን» እንዲሁ። በመድረሳ ያደግን ሰዎች ለዓረብኛው ድምፅ የሚቀርበውን አጻጻፍ እንመርጣለን፤ ስልኩ ላይ የሚቸኩለው ፈላጊ ግን በቅርብ ያገኘውን ፊደል ነው የሚጫነው። ከእነዚህም ሌላ `solat` ብሎ በላቲን የሚጽፍ አለ። የጥቆማ ሳጥኑ እነዚህን ሁልጊዜ እንደ አንድ ቃል አያያቸውም፤ በአንዱ አጻጻፍ ምንም ሳይመጣ በሌላው ዝርዝር ሊመጣ ይችላል። በአማርኛ የምትፈልጉ ከሆነ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ያለበትን ቃል ሁሉ በየመልኩ ሞክሩት። እኛ «ሥነ አመክንዮ»ንም «ስነ አመክንዮ»ንም ሞክረን በሁለቱም ባዶ ሳጥን ነው ያገኘነው። ባዶ መሆኑም መረጃ ነው፤ ለርዕስ የመረጥነውን ቃል የሚፈልግ ሰው ከቁጥር የሚገባ እንዳልነበረ ነገረን።

ጥቆማው የማይነግረን ነገር ብዛትንና ጊዜን ነው። ከላይ የተዘረዘረው ሐረግ የግድ ከሥሩ ካለው ይበልጣል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ትሬንድስ ይገባል።

ትሬንድስ ላይ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ መስመር ታያላችሁ። ብዙ ሰው ይህን የፈላጊ ብዛት ያደርገዋል፤ አይደለም። እንበልና በአንድ ሳምንት በአገሪቱ ከተደረገ 1,000,000 ፍለጋ 200ው የእኛ ሐረግ ነው። በሌላ ሳምንት ከ2,000,000 ፍለጋ 300ው የእኛ ነው። በቁጥር ሁለተኛው ይበልጣል። በድርሻ ግን የመጀመሪያው 0.02 በመቶ፣ ሁለተኛው 0.015 በመቶ ነው። ትሬንድስ የሚያየው ድርሻውን ስለሆነ የመጀመሪያውን 100 ብሎ ሁለተኛውን 75 ይለዋል። 0 ደግሞ ማንም አልፈለገውም ማለት አይደለም፤ በቂ መረጃ የለም ማለት ነው። ትሬንድስ የሚሠራው ከሁሉም ፍለጋ በተወሰደ ናሙና ስለሆነ፣ ትንሽ ፈላጊ ያለው ቃል ዛሬና ነገ የተለያየ መስመር ሊያሳያችሁ ይችላል። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ 0 እና 100 እየተፈራረቀ ከወጣ አትመኑት።

እኛን የገጠመን ይኸው ነበር። አገሩን ኢትዮጵያ፣ ጊዜውን 5 ዓመት፣ ዓይነቱን `YouTube Search` አድርገን ሙሉውን ሐረግ `logic freshman course` ስናስገባ አብዛኛው ሳምንት 0 ሆነ። ሐረጉን አሳጥረን `logic` ብቻ ስንለው ጥሩ መስመር ወጣ፤ ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ከሥር `Related queries` የሚለውን ስናነብ ሎጂክ የሚባል አሜሪካዊ ራፐርና ሎጂክ ፕሮ የተባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር መጡ። መስመሩ የተማሪ አልነበረም። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው የምታውቁት ይህን የታችኛውን ዝርዝር በማንበብ ነው፤ መስመሩን ብቻ በማየት አይታወቅም።

በመጨረሻ የሠራልን `freshman course` የሚለው ወላጅ ሐረግ ነው። ለመስመር የሚበቃ ፈላጊ አለው፣ ትርጉሙም አይምታታም። ስለዚህ ሥራውን አካፈልነው። ቃሉን ከጥቆማው ወሰድን፣ ጊዜውን ደግሞ ከወላጁ ሐረግ መስመር አነበብን። መስመሩ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም፤ ተማሪ ከገባ በኋላ ይነሳል፣ በእረፍት ይወድቃል። እኛ ባለፈው ዓመት ቪዲዮዎቹን የጫንነው ፈተናው ካለፈ በኋላ፣ መስመሩ ቁልቁል ሲወርድ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ዩቲዩብና ቴሌግራም ለወራት በተገደቡበት ጊዜ ብዙ ሰው በቪፒኤን ስለተጠቀመ ፍለጋው በሌላ አገር ሊቆጠር ይችላል። በዚያ ወቅት የምታዩትን የኢትዮጵያ መስመር እንደ ተማሪ ልማድ አትውሰዱት።

ሁለት የአጻጻፍ መልኮችን አንድ ላይ ማስላት ከፈለጋችሁ ትሬንድስ ውስጥ በመደመር ምልክት ታገናኛላችሁ፦

```
ረመዳን + ረመዷን
```

ይህ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ አንድ መስመር ያወጣል። በርካታ ሐረጎችንም ጎን ለጎን ማወዳደር ይቻላል። ነገር ግን ትንሽ ቃልን `facebook` ከመሰለ ግዙፍ ጋር አታወዳድሩ፤ የእናንተ መስመር ከወለሉ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

ዝርዝሩ ተሰብስቦ 40 ገደማ ሐረግ ሲሆን ማጣራቱ ቀረ። እያንዳንዱን ፈልገን የመጀመሪያውን ገጽ አየን። ለ`ppt` የሚመጣው ሁሉ ፋይል ስለሆነ ተውነው። ለ`chapter 1` ረጅምና ጥሩ የአማርኛ ቪዲዮዎች ቀድመውን ነበሩ። ለ`chapter 5 fallacy in amharic` ግን ከመጡት ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ብቻ ናቸው፣ አንዱ አማርኛም ድምፁ አይሰማም። ክፍት ቦታው ይህ ነበር። `final exam with answer` የሚለውም አጓጊ ነበር፤ እኛ ግን የፈተና መልስ የለንም። የሌለንን ርዕስ ላይ ብንጽፍ ማታለል ነው፤ ተማሪውም በ10 ሰከንድ ዘግቶ ይወጣል።

ቪዲዮውን እንደገና አልቀረጽንም። ርዕሱን ብቻ «Logic Chapter 5 Fallacy in Amharic፦ የአስተሳሰብ ስህተቶች» አልነው፣ ከሥሩ በሚጻፈው ማብራሪያ የመጀመሪያ መስመር ላይም `freshman course` ጨመርን።

አሁን የምንከታተለው በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ባለው የትራፊክ ምንጭ ገጽ ነው። `YouTube search` የሚለውን ስትነኩ ሰዎች በትክክል ምን ጽፈው እንደመጡ ይዘረዝራል፤ ይህም ነፃ ነው፣ ከጥቆማም ከትሬንድስም የበለጠ ይታመናል፤ ምክንያቱም የራሳችሁ ተመልካቾች ናቸው። አልሐምዱሊላህ የፋላሲው ቪዲዮ ተመልካቾች አሁን አብዛኞቹ የማናውቃቸው ናቸው። ዝርዝሩ ውስጥ ያልጠበቅነውም ነገር አገኘን፤ ብዙዎቹ `fallacy examples` ብለው ነው የመጡት። እኛ ቪዲዮው ውስጥ የሰጠነው 4 ምሳሌ ብቻ ነው። ከኢሻ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል ምሳሌዎች ብቻ ያሉበትን ቪዲዮ እንቀርጻለን፤ ያስቸገረው የፋላሲ ጥያቄ ያለው ወንድም ወይም እህት ወረቀቱን ይዞ ይምጣ።